60 በመቶ የተባለው ውጤት 23 በመቶ ሲሆን

ክቡር አዘጋጅ፣

የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና የሚሰጡ ኮሌጆች በማስታወቂያቸው ግርጌ «የ12ኛ ክፍል ውጤት 60 በመቶ፣ የመግቢያ ፈተና 40 በመቶ ይያዛል» የሚል ዓይነት መስመር ያሰፍራሉ። ወላጅም ተማሪም ይህን አንብቦ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፦ ዋናው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው፣ ፈተናው ደግሞ ተጨማሪ ነው። እኔ እዚህ ድሬዳዋ የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህ አረዳድ ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። ችግሩም የማንም ተንኮል ሳይሆን አንድ የስሌት ደረጃ እየተዘለለ መሆኑ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ያሳየችኝ የስም ዝርዝር ነው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ኮሌጅ ብቻ አይመስለኝም። ከዚራ ጥላ ሥር ቆመን ስልኳን ሰጠችኝ፤ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በፎቶ አንስታዋለች። «አቦ ቲቸር፣ በ12ኛ በጣም የምበልጠው ልጅ አልፎ እኔ ተጠባባቂ! ስልሳው የት ገባ?» አለችኝ።

ወረቀቱ ላይ «12ኛ (60)»፣ «ፈተና (40)» እና «ድምር» የሚሉ አምዶች አሉ። የመጀመሪያውን አምድ ከላይ እስከ ታች ብታዩት 30 እና ትንሽ ነው፦ 33፣ 34 ነጥብ ምናምን፣ 32 ነጥብ ምናምን። ከ38 የዘለለ የለም፣ ከ31 የወረደም የለም። ሁለተኛው አምድ ግን ከ10 በታች ካለው ጀምሮ 33 እስካለፈው ድረስ ተበታትኗል። ልጅቷ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ እዚያው ተጽፏል። በመጀመሪያው አምድ የአንደኛውና የመጨረሻው ልጅ ልዩነት 7 ነጥብ እንኳን አይሞላም፣ በሁለተኛው ግን ከ20 ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ደረጃውን የሚያወጣው የተበታተነው አምድ ነው። ሁሉም ሰው በእኩል የያዘው ነጥብ ማንንም ከማንም አይለይም።

የ12ኛው አምድ ለምን እንዲህ ተጨናነቀ? ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምርና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ያለፈው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ አካባቢ ነበር። ስለዚህ ከ50 በታች ያለው ከመነሻው ከአመልካችነት ይወጣል። ከላይ በኩል ደግሞ በጣም ከፍተኛ ያመጡት የፈለጉት ቦታ ተመድበው ይሄዳሉ። የሚቀረው የመሃሉ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ እርስ በርሱ ተጠጋግቷል። የመግቢያ ፈተናው ግን ማንንም አስቀድሞ አላጣራም፤ 20 ያገኘም 80 ያገኘም አንድ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል።

አሁን ስሌቱን በሁለት ተማሪዎች ላይ እንየው። ለማስረዳት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ። ሀ በ12ኛ ከ600 372 አመጣች፣ ይህም 62 በመቶ ነው፤ በመግቢያ ፈተናው 48 አገኘች። ለ በ12ኛ 318 አመጣ፣ ይህም 53 በመቶ ነው፤ በፈተናው 63 አገኘ። በተለመደው አሠራር የሀ ድምር 37.2 ሲደመር 19.2፣ 56.4 ይሆናል። የለ ደግሞ 31.8 ሲደመር 25.2፣ 57 ይሆናል። ለ በ0.6 ነጥብ ቀደመ። መቁረጫው እዚህ መካከል ላይ ካረፈ ለ ገባ፣ ሀ ተጠባባቂ ሆነች።

የተዘለለው ደረጃ ይህ ነው፦ ሁለቱን ውጤቶች ከማባዛትና ከመደመር በፊት ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት። ለዚህ ሁለት ቁጥር ይበቃል። አንደኛው የአመልካቾቹ አማካይ ውጤት ነው። ሁለተኛው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው፣ ውጤቶቹ ከአማካዩ በጥቅሉ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚናገር ቁጥር ነው። የ12ኛው አማካይ 56፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3 እንበል። የፈተናው አማካይ 50፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15 ይሁን። ሀ በ12ኛ ከአማካዩ በ6 ትበልጣለች፤ 6 ለ3 ሲካፈል 2 ነው። ይህ በአመልካቾቹ መካከል በጣም ከፍ ያለ ቦታ ነው። በፈተናው ከአማካዩ በ2 ነጥብ ብቻ አነሰች፤ ለ15 ሲካፈል 0.13 ገደማ ነው፣ ምንም ማለት ይቻላል። ለ በ12ኛ በ3 ያንሳል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ ታች ነው። በፈተናው በ13 ይበልጣል፣ ለ15 ሲካፈል 0.87 ገደማ።

በዚህ ላይ 60 እና 40ን እናባዛ። ለሀ 1.2 ላይ 0.05 ሲቀነስ 1.15 አካባቢ ይመጣል። ለለ 0.6 ወደ ታች፣ 0.35 ወደ ላይ፣ ውጤቱ ከአማካዩ በ0.25 በታች ነው። በዜሮ አካባቢ የሚዋዥቅ ቁጥር ሕዝብ ፊት መለጠፍ ካስቸገረ በ10 ተባዝቶ 50 ይደመርበታል፤ ሀ 61.5፣ ለ 47.5 ይሆናሉ። በ0.6 የተበለጠችው ልጅ በ14 ነጥብ ቀደመች። ማስታወቂያው የገባው ቃል ይህኛው ነበር።

በጥሬው ሲደመር እውነተኛው ክብደት ስንት እንደነበርም በቀላሉ ይታወቃል። እያንዳንዱን ክብደት በየራሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማባዛት ነው። 0.6 በ3 ሲባዛ 1.8፤ 0.4 በ15 ሲባዛ 6። ድምሩ 7.8 ነው፤ 1.8 ከዚህ ውስጥ 23 በመቶ ገደማ ነው። 60 ለ40 ተብሎ ታውጆ በተግባር የሠራው 23 ለ77 ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር እንኳን የግድ አይደለም። የመጨረሻውን የደረጃ ዝርዝር በመግቢያ ፈተናው ብቻ ከተደረደረ ዝርዝር ጎን አስቀምጡት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ 12ኛው ለስሙ ነው የተጨመረው።

ይህ ችግር ሌላ አገርም ታይቷል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለምህንድስና መግቢያዋ፣ ጄኢኢ ሜይን ለሚባለው ፈተና 60 በመቶ፣ ለ12ኛ ክፍል የቦርድ ውጤት 40 በመቶ ሰጥታ ነበር። የ12ኛን ፈተና የሚሰጡት ቦርዶች ብዙ ናቸው፣ ነጥብ ሲሰጥ አንዱ ቸር፣ ሌላው ንፉግ ነው። ስለዚህ የቦርዱን ውጤት በጥሬው አልደመሩትም፤ ተማሪው በራሱ ቦርድ ውስጥ ከስንት በመቶው እንደሚበልጥ እያዩ ነበር የሚያስተካክሉት። በ2017 ግን የ12ኛውን ድርሻ ከደረጃው ስሌት አውጥተው እንደ ዝቅተኛ መስፈርት ብቻ ያዙት።

እኛም ጋ ቢሆን አንድ ሐቀኛ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፣ ልዝለለውም አልፈልግም። ወደ አንድ መለኪያ ስናመጣ፣ በ60 እና በ40 ከማባዛታችን በፊት እንኳን፣ በ12ኛ የ3 ነጥብ ልዩነት በፈተናው የ15 ነጥብ ልዩነት ያህል ይመዝናል። 3 በመቶ ማለት ከ600 ውስጥ 18 ነጥብ ነው። በአንድ ቀን ራስ ምታት፣ በጥቂት የግምት መልሶች ሊመጣም ሊሄድም የሚችል ነው። አመልካቾቹ በጣም ሲቀራረቡ፣ መለኪያው የሚያጎላው እውነተኛ የችሎታ ልዩነትን ብቻ ሳይሆን ዕድልንም ጭምር ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። ግን መልሱ በጥሬ መደመር አይደለም። ኮሌጁ የ12ኛው ውጤት እንዲህ ከተጠጋጋ በኋላ ብዙ አይነግረኝም ካለ፣ መብቱ ነው፤ «50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ይመዝገብ፣ ደረጃው በፈተናችን ይወጣል» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ልጁም የትኛው ላይ መድከም እንዳለበት አውቆ ይዘጋጃል። 60 ብሎ ጽፎ በ23 መሥራት ግን አያስኬድም።

ሌላው ገደብ የአመልካች ቁጥር ነው። 200 አመልካች ካለ አማካዩም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም የተረጋጋ ነው። ለአንድ ትምህርት ክፍል 15 ሰው ብቻ ካመለከተ ግን አንድ በጣም ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ብቻውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ያሰፋውና የሌሎቹን ሁሉ ቦታ ያናውጣል። እንዲህ ሲሆን ስሌቱን በትምህርት ክፍል ሳይሆን በጠቅላላው አመልካች ላይ መሥራት ይሻላል። ደግሞም በዚህ መንገድ የወጣ ነጥብ የዚያ ዓመት አመልካቾች ውስጥ ያለ ቦታ ስለሆነ፣ የአምናውን መቁረጫ ዘንድሮ መጠቀም አይቻልም።

ከተለያየ ዓመት የመጡ አመልካቾች ጉዳይም አለ። ቀደም ሲል ፈተናው ከ700 የነበረበት ጊዜ አለ፣ አሁን ከ600 ነው። ከ700 360 ያመጣ 51.4 በመቶ ነው ያለው፤ ከ600 330 ያመጣ 55 በመቶ። ጥሬውን ቁጥር የሚመዘግብ ሰው የመጀመሪያውን ያስቀድማል። ወደ በመቶ መቀየር ይህን ያድናል፣ የየዓመቱ ፈተና አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል መሆኑን ግን አያድንም። ስለዚህ አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ቢቻል ለየፈተናው ዓመት ተለይቶ ቢወሰድ ጥሩ ነው።

ሬጅስትራሮች ይህ ሁሉ ሥራ ያበዛብናል እንዳይሉ፣ ስሙና ውጤቱ በኤክሴል ላይ መሆኑን አውቃለሁ። አማካዩን AVERAGE፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን STDEV.P ያወጣል፤ ቀሪው መቀነስና ማካፈል ነው። የምጠይቀው ከምዝገባ በፊት ክብደቱ በጥሬ ውጤት ላይ ነው ወይስ በተስተካከለ ላይ የሚለው እንዲነገር ነው። ሁለት ሰው እኩል ሲሆን የቱ እንደሚቀድምም አብሮ ይነገር። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ደግሞ የሁለቱም አምዶች አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከግርጌ ይስፈር። እነዚያ አራት ቁጥሮች ካሉ ማንኛውም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ደረጃውን እቤቱ ተቀምጦ ራሱ አስልቶ ያረጋግጣል፤ ቅሬታ ያለውም ወደ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ስሌቱን ይዞ ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ