የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ 1296 ቃላትና የሉዶ ዳይስ

የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ዘንድሮ 1296 የአማርኛ ቃላት ያሉበት ዝርዝር አዘጋጅቷል። ማንም ሰው ከዚህ ዝርዝር የሉዶ ዳይስ እየጣለ ጠንካራ የይለፍ ሐረግ፣ ማለትም ከብዙ ቃላት የተገጣጠመ ፓስወርድ፣ ማውጣት ይችላል። «የኮምፒውተር ክበብ እንዴት በወረቀትና በዳይስ ይሠራል?» ያላችሁን ባልደረቦች ነበራችሁ። ላቡ ውስጥ ስንት ኮምፒውተር እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ክበቡ ከግንቦት በቀር ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ የዘለቀው ሥራው መብራት ስለማይፈልግ ነው።

የመስከረምና የጥቅምት ስብሰባዎች እንደተለመደው በምዝገባ፣ በተጠሪ ምርጫና በደንብ ንባብ አለቁ። ሥራው የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው።

መነሻችን ፓስወርድ ነበር። ብዙ ተማሪዎች ፓስወርዳቸው የስልክ ቁጥራቸው ነው። በ09 የሚጀምር ቁጥር ሲያዩት ረጅም ይመስላል። የማይታወቀው ግን ቀሪው 8 አሃዝ ብቻ ነው፤ ይኸውም 100 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። የተሰረቀ የፓስወርድ ፋይል እጁ የገባ ሰው በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ግምት የሚሞክር ማሽን ካለው፣ ሁሉንም ለመጨረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ይህን ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ መለኪያችን አደረግነው።

ከዚያ ተማሪዎቹን ለፓስወርድ የሚሆን አራት ቃል ከጭንቅላታቸው እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው። ወረቀቶቹን ስንሰበስብ ጣና፣ አባይ እና እማዬ እየተደጋገሙ መጡ። ባሕር ዳር ላይ ለተቀመጠ ሌባ ከዚህ የቀለለ የለም። ስለዚህ ቃሉን የሚመርጠው ሰው መሆን የለበትም ተባለና ወደ ዳይስ ሄድን።

ዘዴውን አርኖልድ ራይንሆልድ በ1995 እ.ኤ.አ. ዳይስዌር ብሎ ያወጣው ነው። የእሱ ዝርዝር 7776 ቃላት አሉት። አንድ ቃል ለማውጣት ዳይስ 5 ጊዜ ይጣላል፤ 6 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 7776 ይሆናልና። እኛ ያን ያህል ቃል ለመልቀም ጊዜውም ወረቀቱም ስላልነበረን፣ 4 ጊዜ በመጣል የሚሠራውን የ1296 ዝርዝር መረጥን። 3፣ 5፣ 1፣ 6 ከወጣ 3516 የሚለው ቁጥር አጠገብ ያለው ቃል ይወሰዳል። በቃ።

ቃል መልቀሙ ቀላል መስሎን ነበር። ችግሩ የመጣው ከፊደላችን ነው። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ በጸ፣ ሌላው በፀ ይጽፈዋል፤ መካከል ላይ ሐ፣ ሀ ወይም ሃ ይገባል። ለጆሮ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁሉም የተለያየ ቃል ነው፤ በአንዱ የከፈትከው በሌላው አይከፈትም። ፓስወርድ ስንጽፍ ደግሞ የሚታየን ነጠብጣብ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ የት እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ተማሪዎቹ እጩ ቃላቱን ይዘው ወደ ዘጠነኛ ክፍል ገቡና ቃለ ጽሕፈት አስጻፉ። በሁለት ዓይነት ተጽፎ የተገኘ ቃል ሁሉ ተጣለ። ፀሐይ ወጣ። ሐይቅ ወጣ። ዓሣም ወጣ፤ የባሕር ዳር ልጆች ዓሣ የሌለበት ዝርዝር በማዘጋጀታቸው ትንሽ አዝነዋል። ድልድይ፣ ወንፊት፣ ባቄላ፣ ጉንዳን ያለ ጭቅጭቅ አለፉ።

ሌላው ጣጣ እንደ «ገና» ያለው ቃል ነበር። ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ ስለሚለያይ ሁለት ጊዜ ገብቶ ተገኘ። ጽሑፉ አንድ እስከሆነ ድረስ የሚቆጠረው እንደ አንድ ቃል ነው። አንዱን ሰርዘን በሌላ ተካነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ክርክር ተነሳ። ግማሹ ክበብ «ዝርዝሩን እጥፍ እናድርገው፣ ይጠነክራል» አለ። ሰሌዳው ላይ አሰላነው። ከ1296 ቃላት አራት ቃል ሲወጣ ወደ 2.8 ትሪሊዮን አማራጭ አለ፤ ያ ማሽን በ47 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ዝርዝሩን ወደ 2592 ብናሳድገው እያንዳንዱ ቃል እጥፍ ምርጫ ያገኛል። ለአራት ቃል 2 አራት ጊዜ ይባዛል፤ 16 እጥፍ ማለት ነው። 47ቱ ደቂቃ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ከፍ ይላል። ለዚህ ስንል ሌላ 1296 ቃል ለቅመን እንደገና ቃለ ጽሕፈት ማስጻፍ አለብን። ዝርዝሩን እንዳለ ትተን አምስተኛ ቃል ብንጨምርስ? አማራጩ 1296 እጥፍ ያድጋል፤ ጊዜውም ወደ 42 ቀን። ስድስተኛ ቃል ስንጨምር ወደ 150 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉንም ለመጨረስ የሚፈጀው ነው፤ በአማካይ ሐረጉ የሚገኘው በግማሹ ጊዜ ነው።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ተነስቶ ሌላ ነገር አሳየን። ከእኛ ዝርዝር አምስት ቃል ለማውጣት ዳይስ 20 ጊዜ ይጣላል። ከ7776ቱ ዝርዝር አራት ቃል ለማውጣትም 20 ጊዜ። ጥንካሬያቸው እኩል ነው፤ ጥንካሬው ያለው ውርወራው ላይ ነው። ትንሽ ዝርዝር የሚያስከፍለው አንድ ተጨማሪ ቃል ማስታወስ ብቻ ነው፤ በምትኩ ቃላቱ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ይሆናሉ።

አሁን ወደ ጣና ዳር ጉዞአችን ልምጣ። ሚያዝያ ላይ ክበቡን ይዤ ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጣን። ከዛፍ ጥላ ሥር ነጠላ አንጥፈን፣ እያንዳንዱ ልጅ በተራው ዳይስ እየጣለ አምስት ቃል አወጣ። በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት ልጅ «ወንፊት ጥጃ ድልድይ ቁንጫ ባቄላ» ወጣላት። ጓደኞቿ «ቁንጫ» ላይ ሲደርሱ ሳቁና «ድገሚው፣ ሌላ ያምጣልሽ» አሏት። ዳይሱን እጇ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ፣ «ሁላችንም የማንወደውን ከጣልን ዝርዝሩ ትንሽ ሆነ ማለት ነው እኮ» አለች። ዝም አሉ።

ልክ ናት። ግማሹን ቃል የሚጠላ ሰው በተግባር የቀረው ዝርዝር 648 ነው። በአምስት ቃል ላይ ይህ 32 እጥፍ ያዳክማል። ሌባው የሚጀምረው ሰዎች ከሚወዷቸው ቃላት ነውና። እኔ ይህን በሚቀጥለው ሳምንት ላስተምር አስቤ ነበር። ልጅቷ ቀደመችኝ፤ መምህር ሆኜ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሐረጉን ሁላችንም ስለሰማነው አልተጠቀመችበትም። ቤቷ ገብታ ብቻዋን ሌላ አወጣች።

ብዙዎች «ዝርዝሩ ከታተመ ሌባም ያየዋል» ብለውኛል። ይየው። ከላይ ያሉት ስሌቶች ሁሉ ሌባው ዝርዝሩን ይዞ እንደሚሞክር ታስበው የተሠሩ ናቸው። የማያውቀው የአንተን ውርወራ ነው።

ያልተሳካም አለ። አንዳንድ ድረ ገጾች የአማርኛ ፊደል በፓስወርድ ሳጥን አይቀበሉም። ለእነሱ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የእንግሊዝኛ ዝርዝር ለመጠቀም ተገደናል። ግንቦት ላይ ደግሞ በፈተና ምክንያት መሰብሰብ አልቻልንም።

ለወመተህና ለወላጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። ዝርዝሩ ያለን በአንድ ቅጂ ነው፤ እሱም በእጅ የተጻፈ ነው። ለስፖርት ማሊያ የሚገኘው ገንዘብ ለቀለምና ለወረቀት ለምን እንደሚታጣ አልገባኝም። በየክፍሉ የሚለጠፍ የታተመ ዝርዝርና ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ዳይስ ብቻ ነው የምንፈልገው። ዳይሱ ሱቅ ያለው የሉዶ ዳይስ ነው። መስከረም ላይ እስኪታተም ድረስ ቅጂው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ አምስት ቃል ለማውጣት የፈለገ ዳይሱን ይዞ ይምጣ።