አስቀድሞ የተከፈለ የዓመት ክፍያ የተደበቀ ሽያጭ አይደለም

ለገቢዎች ሚኒስቴር
የታክስ ኦዲት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ

ደሴ

ጉዳዩ፦ የዓመት ክፍያ አስቀድመው የሚሰበስቡ ድርጅቶች በቫት ያስታወቁት ሽያጭና በዓመቱ መጨረሻ ያስታወቁት ገቢ ሲለያይ ልዩነቱ እንዴት እንዲመረመር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ድርጅቶች የሒሳብ መዝገብ የምይዝ ባለሙያ ነኝ። ከከተሞቻችን ነጋዴዎች መካከል የዓመቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ተቀብለው አገልግሎቱን በየወሩ የሚሰጡ እየበዙ ነው። ለመድኃኒት ቤትና ለሱቅ የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚያከራዩ አሉ፣ የዓመት አባልነት የሚሸጡ ጂሞችም አሉ። የምጽፍላችሁ የእነዚህ ድርጅቶች መዝገብ ትክክል ሆኖ ሳለ በኦዲት ጊዜ ስህተት መስሎ ስለሚታይበት አንድ ቦታ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሶፍትዌሩን በዓመት 12,000 ብር ያከራያል እንበል። አንድ መድኃኒት ቤት ሚያዝያ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዓመቱን ክፍያ ከ1,800 ብር ቫት ጋር በድምሩ 13,800 ብር በባንክ ያስገባል፣ ደረሰኝም በዚያው ቀን ይቆረጥለታል። በመዝገቡ ላይ ባንክ በ13,800 ዴቢት ይደረጋል። 1,800 ብሩ ለመንግሥት የሚከፈል ቫት ሆኖ ክሬዲት ይመዘገባል። ቀሪው 12,000 ብር ግን በዚያ ቀን ገቢ አይባልም። ድርጅቱ ገንዘቡን ቢቀበልም አገልግሎቱን ገና አልሰጠም፣ ስለዚህ ለመድኃኒት ቤቱ የዓመት ሥራ ባለዕዳ ነው። እኛ ሒሳብ ሠራተኞች ዲፈርድ ሬቨኒዩ በምንለው የዕዳ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥና በእያንዳንዱ ወር መጨረሻ 1,000 ብር ከዕዳ ወጥቶ ወደ ገቢ ይዛወራል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እናጠቃልላታለን። በቀን ቆጥሮ የሚያከፋፍል ድርጅት በዓመቱ መዝጊያ ላይ በአንድ ደንበኛ የአርባ ብር ያህል ልዩነት ያገኛል፤ ድርጅቱ የመረጠውን ስልት ከዓመት ዓመት እስካልቀያየረ ድረስ ይህ ችግር አይሆንም።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ድርጅቱ የሠራው የሚያዝያን፣ የግንቦትንና የሰኔን ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ክፍያ የ2016 ገቢ የሚሆነው 3,000 ብር ነው፣ 9,000 ብሩ ወደ 2017 ይሻገራል። በዚያው ቀን እንዲህ የከፈሉ 40 ደንበኞች ካሉ በቫት የታወቀው ሽያጭ 480,000 ብር፣ የዓመቱ ገቢ 120,000 ብር፣ በዕዳነት የተሻገረው ደግሞ 360,000 ብር ይሆናል።

ኦዲተሩ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያደርገው የየወሩን የቫት ማስታወቂያ ደምሮ ከትርፍና ኪሣራ መግለጫው ሽያጭ ጋር ማነጻጸር ነው። ይህ አሠራር ትክክል ነው፣ ብዙ የተደበቀ ሽያጭ የሚገኘውም በዚህ መንገድ ነው። ችግሩ የሚመጣው 360,000 ብሩ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ በቀጥታ ያልታወቀ ገቢ ተብሎ ሲደመር ነው። 30 በመቶው 108,000 ብር ነው፤ ቅጣቱና ወለዱ ከዚህ ውጭ ነው። ድርጅቱ ለቀጣዮቹ ዘጠኝ ወራት ለሠራተኛ ደመወዝና ለኢንተርኔት የሚያወጣው ወጪ ገና ስላልወጣ፣ ግብሩ የሚጣለው ወጪው ባልተቀነሰለት ገንዘብ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ላሳስባችሁ የምፈልገው ግን ሁለተኛውን ዓመት ነው። በ2017 ሚያዝያ አርባዎቹም ደንበኞች ውላቸውን ቢያድሱ የቫት ሽያጩ እንደገና 480,000 ብር ይሆናል። የመዝገቡ ገቢ ደግሞ ከአምናው የተሻገረው 360,000 እና የአዲሱ ሦስት ወር 120,000 ተደምሮ 480,000 ብር ይመጣል። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሆኑ ኦዲተሩ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም። ሆኖም በ2016 ግብር የተወሰነበት ያው 360,000 ብር በ2017 ገቢ ውስጥ ተቀምጦ ዳግም 108,000 ብር ይከፈልበታል። ድርብ ግብሩ ልዩነት በማይታይበት ዓመት ውስጥ ስለሚያልፍ ባለንብረቱ ራሱ ላያስተውለው ይችላል።

የቫቱን ነገር በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ደረሰኝ ሲቆረጥና ገንዘብ ሲገባ ቫቱ በሙሉ ሊከፈል ይገባል። የትርፍ ግብር ግን የሚሰላው በሌላ መነሻ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ራሱ የሚያደርጋቸው ማስተካከያዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ ግብር የሚከፈልበትን የንግድ ገቢ በፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት ከተዘጋጀው የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ያስነሳል። እነዚህን ደረጃዎች እንድንከተል ያዘዘን አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 15 ደግሞ ገቢ የሚመዘገበው አገልግሎቱ ለደንበኛው ሲሰጥ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለያዩት ሁለቱንም ሕግ ስላከበርን ነው።

ይህ ገንዘብ በእርግጥ ዕዳ መሆኑን የእኛ አካባቢ ሰው በ2014 ዓ.ም. አይቶታል። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ሱቆችና ቢሮዎች በተዘጉባቸው ሳምንታት የዓመቱን ክፍያ የተቀበለ ድርጅት ለዚያ ጊዜ ያልሰጠውን አገልግሎት ገቢዬ ነው ሊል አይችልም ነበር፤ ወይ ጊዜውን ማራዘም ወይ ገንዘቡን መመለስ ነበረበት።

በዚህ ሒሳብ ሽያጭ ሊደበቅ ይችላል ብትሉ ስጋታችሁ ተገቢ ነው፣ ማጣራቱም ከባድ አይደለም። የዓመቱ የቫት ሽያጭ ላይ ካለፈው ሰኔ 30 የተሻገረው ቀሪ ተደምሮ ከዚህኛው ሰኔ 30 ቀሪ ሲቀነስ የዓመቱን ገቢ መስጠት አለበት። በምሳሌዬ ድርጅቱ በ2016 ከዜሮ ስለጀመረ 480,000 ሲቀነስ 360,000፣ 120,000 ይመጣል። ካልመጣ አንድ ነገር ጎድሏል። ቀጥሎ ቀሪው በደንበኛ ተዘርዝሮ ይታይ፦ የደረሰኝ ቁጥር፣ አገልግሎቱ የጀመረበት ቀን፣ የቀሩት ወራት። የአንድ ዓመት ውል ከሆነ፣ አገልግሎቱ ሐምሌ 1 ቀን 2015 ወይም ከዚያ በፊት የጀመረ ደንበኛ ሰኔ 30 ቀን 2016 ላይ ቀሪ ሊኖረው አይገባም። እንዲህ ያለ ቀሪ የተገኘበት ድርጅት ገቢውን ሳያዛውር አስቀምጧል ማለት ነው። ሌላው የማየው ስህተት ከሶፍትዌሩ ጋር በአንድ ደረሰኝ የተሸጠ ኮምፒውተር ወይም ፕሪንተር ዋጋው አብሮ በየወሩ ሲከፋፈል ነው። ዕቃው ለደንበኛው የተሰጠ ዕለት ዋጋው ሙሉ በሙሉ ገቢ ነው፣ ይህን ኦዲተር ቢጥለው ትክክል ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። የዓመት ክፍያ አስቀድሞ የሚሰበስብ ድርጅት በደንበኛ የተዘረዘረውን የቀሪ ሠንጠረዥ ከዓመታዊ የግብር ማስታወቂያው ጋር እንዲያያይዝ አድርጉ፤ ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ስለሚቀርብ ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ አለ። ኦዲተሮችም ልዩነቱን ወደ ያልታወቀ ገቢ ከመቀየራቸው በፊት ይህን ሠንጠረዥ እንዲመረምሩ በጽሑፍ ይታዘዙ። ኦዲተሩ በቂ ምክንያት አግኝቶ የተሻገረውን ገንዘብ ወደ መጀመሪያው ዓመት ካመጣውም፣ በዚያው የውሳኔ ማስታወቂያ ላይ ያንኑ መጠን ከቀጣዩ ዓመት ገቢ እንዲቀንስ ይደረግ። የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ሠንጠረዡ ምን ምን እንዲይዝ አንድ ወጥ ቅጽ ቢያወጣ ለእናንተም ለእኛም ሥራው ይቀላል። ከመጪው ሐምሌ በፊት ምላሻችሁን እጠብቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ደሴ