የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፈረሱ ከመግባቱ በፊት

የክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አንስቶ፣ ባዶውን ግቢ በፈረሰኞች መሙላት ነበር። አዳራሽ የተሰቀለውን ፎቶ የሚያይ ሰው ዓይኑ ፈረሶቹ ላይ ያርፋል። የበለጠ ጊዜ የወሰደው ግን ሕንፃውን ማቃናቱ ስለሆነ፣ ዘገባውም ስለዚያ ነው።

ፎቶው ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛው ከሌንሱ የመጣ ነው፤ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ከመሃል የራቀን ቀጥ ያለ መስመር ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። ሁለተኛው ካሜራው ወደ ላይ ቀና ከማለቱ የመጣ ነው፤ ምሰሶዎቹ ወደ ላይ ሲሄዱ ይቀራረባሉ። መጀመሪያ የሚስተካከለው ጉብጠቱ ነው። ጉብጠቱ የፎቶውን መሃል ተከትሎ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያድግ ሲሆን፣ ምሰሶው ቀድሞ ከተስተካከለ ወይም ፎቶው ከተቆረጠ ያ መሃል ቦታውን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ቁጥር የሚቃና ነገር አይኖርም።

የጉብጠቱን መጠን ከቤተ መንግሥቱ ላይ አልለካንም። ቤቱ በእጅ የተሠራ የቆየ የእንጨት ቤት ስለሆነ፣ የጎበጠው ሌንሱ ይሁን አግዳሚው እንጨት ፎቶው ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ በዚያው ካሜራ፣ ዙሙን ሳንነካ፣ የትምህርት ቤቱን አዲሱን ሕንፃ የኮንክሪት ጠርዝ አነሳን። ጂምፕ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ፣ ከላይኛው ማስመሪያ ጋይድ የሚባለውን ቀጥ ያለ መስመር ስበን የጠርዙን ሁለት ጫፎች ስናስነካ፣ መሃሉ በ25 ፒክስል ከጋይዱ በላይ ወጣ። ፎቶው 4000 በ3000 ፒክስል ነው፤ ጠርዙም ከመሃል 1200 ፒክስል ያህል ከፍ ብሎ ነበር። `Filters → Distorts → Lens Distortion` ውስጥ `Main` የሚለውን −8 ስናደርገው ጠርዙ ጋይዱ ላይ ተኛ። ያንኑ −8 ለቤተ መንግሥቱ ፎቶ ሰጠነው፤ ከዚያ በኋላ ጎብጦ የቀረ እንጨት በእርግጥም የጎበጠ እንጨት ነው፣ አይነካም። በዚህ ቁጥር ማዕዘኖቹ ላይ 4 በመቶ ያህል ከፍሬሙ ውጭ ስለሚገፋ፣ ሲነሳ ዳር ዳሩን ቦታ መተው ያስፈልጋል።

በስልክ ለሚያነሱ አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ ስልኮች ጉብጠቱን ራሳቸው አቃንተው ነው የሚያስቀምጡት። በላዩ ላይ −8 የጨመረ ተማሪ ጠርዙ መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ያገኘዋል። መጀመሪያ ጋይድ፣ ከዚያ ቁጥር። ፎቶውንም በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ አንሶ ይደርሳል።

ምሰሶዎቹን ያቃናነው በ`Shift+P` በሚመጣው የ`Perspective` መሣሪያ ነው። የላይኛዎቹን ሁለት ማዕዘኖች ወደ ጎን እየጎተትን፣ ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶዎች ከቁም ጋይዶች ጋር እኩል እስኪሄዱ ድረስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ሕንፃው ግን አጥሮና ተንሰራፍቶ ይቀራል፣ ምክንያቱም ወደ ጎን ሲለጠጥ ቁመቱ አልተከተለውም። ለዚህ ብለን ሲነሳ 2 ሜትር ሸምበቆ አንድ ጊዜ አቁመን፣ አንድ ጊዜ አጋድመን ከፊት ግድግዳው ጋር አብረን አንስተነዋል። ከተቃና በኋላ የተጋደመው 400፣ የቆመው 360 ፒክስል ሆነ። 400 ለ360 ሲካፈል 1.11 ነው፤ `Scale Image` ውስጥ ስፋቱንና ቁመቱን የሚያያይዘውን ሰንሰለት ፈትተን ቁመቱን ብቻ 111 በመቶ አደረግነው። ፊት ለፊት ለተነሳ ግድግዳ ይህ አንድ ቁጥር ከታች እስከ ላይ ይሠራል።

ሸምበቆው ላይ 1.60 ሜትር ላይ ቀይ ፕላስተር ነበረበት፤ የካሜራው ቁመትም ያው 1.60 ነው። በፕላስተሩ በኩል የሚያልፈው አግዳሚ ጋይድ የዓይን መስመራችን ሆነ። መሬቱ ሜዳ እስከሆነ ድረስ፣ የትም ቦታ ከቆመ ነገር እግር እስከዚህ መስመር ያለው ርቀት 1.60 ሜትር ነው። ግድግዳው ሥር 320 ፒክስል ስለሆነ፣ 1 ሜትር 200 ፒክስል ነው፤ ጀርባው ድረስ 1.40 ሜትር የሆነ ፈረስ እዚያ 280 ፒክስል ይሆናል። እግሩ ከመስመሩ 640 ፒክስል ዝቅ ብሎ ወደ እኛ ከቀረበ 560። በግምት የተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ከሩቅ የቆሙ ግዙፎች ወይም ከቅርብ የቆሙ ውርንጭላዎች ይመስሉ ነበር፤ ልዩነቱን ያወጣው ይህ ስሌት ነው። የፈረሶቹም ፎቶ በ1.60 ቁመት ተነስቶ፣ በራሱ ካሜራ ቁጥር ተቃንቶ ነው በየራሱ ሌየር የገባው። ቀድመው ገብተው ሁሉም አብሮ ቢቃና ኖሮ፣ ዳር ያሉት ፈረሶች ወደ ውጭ ዘመም ብለው ይሰፉ ነበር።

በረንዳው ላይ ሰው ለማቆም የፈለጉ ተማሪዎች ነበሩ። ማቃናት የካሜራውን ቦታ ስለማይለውጥ፣ ፎቅ ላይ ያለው በረንዳ አሁንም ከሥር እንደታየ ነው፤ ወለሉ አይታይም። ፊት ለፊት የተነሳ ሰው እዚያ ሲገባ ተንሳፍፎ ይታያል። ለዚያ የሚሆነውን ሰው ደረጃ ላይ አቁመን ከታች ሆነን አንስተነዋል፤ እግሩንም መከታው ሸፍኖታል።