ያለፈቃዴ ስለተቀየረው የፓራቦሊክ ሳር ትሬይሊንግ ስቶፕ

ለደንበኞች ቅሬታ ሰሚ ክፍል

የአካውንቴ መዝገብም ሆነ የቀደሙት ደብዳቤዎቼ በእጃችሁ ስለሆኑ አልደግማቸውም። ይህን የምጽፈው ባልደረባችሁ በስልክ ስለሰጠኝ አንድ ቃል ነው።

በፓራቦሊክ ሳር ኢንዲኬተር እየተሰላ ዋጋውን የሚከተለው ስቶፕ በእናንተ ሰርቨር ላይ እንዲሠራ ከማብራቴ በፊት ሁለት ነገር ጠይቄ ነበር። Step 0.02፣ Maximum 0.20 ብዬ ያስገባሁት ሳይነካ ይቆያል ወይ? ስቶፑ ሲመታስ ፖዚሽኑን ዘግቶ ያበቃል ወይስ በተቃራኒው አዲስ ይከፍታል? መልሱ ግልጽ ነበር፤ «እርስዎ እንዳስገቡት ይቆያል፣ መዝጋት ብቻ ነው፣ አይገለብጥም።» ከፕላትፎርሙ ማሻሻያ በኋላ ግን ሰርቨሩ በ0.05 Step እየሠራ፣ ሲመታም እየገለበጠ ተገኘ። የእኔ ቻርት ነጥቦቹን አሁንም በ0.02 ስለሚያሳይ፣ ልዩነቱ የታወቀው የመዝጊያው ዋጋ ከነጥቡ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው።

«ትንሽ ልዩነት ነው» ስላላችሁኝ በወርቅ የቀን ቻርት ላሳያችሁ። የግዢ ፖዚሽን ላይ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
SAR(ነገ) = SAR + AF × (EP − SAR)
```

EP ከገባንበት ጀምሮ የታየው ከፍተኛ ዋጋ ነው። ሳሩ ወደ ዋጋው የሚጠጋበትን ፍጥነት የሚወስነው AF በStep ይጀምርና አዲስ ከፍታ በተመዘገበ ቁጥር በዚያው ልክ ያድጋል፤ Maximum ሲደርስ ይቆማል። ሳሩ 2,310፣ EP 2,350 ነው እንበል፤ ገበያው ሦስት ጊዜ አዲስ ከፍታ አስመዝግቧል። በ0.02 ከሆነ AF 0.08 ነው፤ የ40 ዶላሩ ርቀት በ0.08 ሲባዛ 3.20 ስለሚሆን ስቶፑ 2,313.20 ላይ ያርፋል። በ0.05 ግን AF ጣሪያው 0.20 ላይ ደርሷል፤ ስቶፑ በአንድ ቀን 8 ዶላር ዘሎ 2,318 ይገባል። መነሻው አንድ ነው ብዬ ያሰላሁት ለእናንተ ባደላ መንገድ ነው፤ በእውነቱ የ0.05 ሳር ቀድሞውኑ ዋጋው አጠገብ ይደርሳል።

በማግስቱ ዋጋው 2,316 ድረስ ወርዶ ተመለሰ። የእኔ ስቶፕ አይነካም ነበር። ለቀጣዩ ቀን ስሌቱ 2,316.14 ቢያወጣም፣ ሳር ካለፉት ሁለት ካንድሎች ዝቅተኛ ዋጋ በላይ መግባት ስለማይችል 2,316 ላይ ይቆማል። የእናንተ ግን 2,318 ላይ ዘጋ፤ እዚያው ላይ ሽያጭ ከፈተ፤ የሽያጩም ስቶፕ የቀድሞው EP የሆነው 2,350 ሆነ። AF ከ0.05 እንደገና ስለሚጀምር፣ EPም አሁን ዝቅተኛው ዋጋ 2,316 ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ካንድል ስቶፑ ወደ 2,348.30 ወረደ፣ ዋጋው 2,349 ሲነካ ተመታ። በአውንስ 30.30 ዶላር የጠፋው እኔ ባልከፈትኩት ፖዚሽን ነው።

ይህን ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ «በጎን ገበያ ሳር ሁሌም እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ኢንዲኬተሩ ያንብቡ» የሚል ነበር። ይህ መልስ አሳዝኖኛል። ገበያው በጠባብ ክልል ሲመላለስ ሳር እየተገለበጠ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚመታ አውቃለሁ። ማቆሚያና መገልበጫ ተደርጎ ስለተሠራ ሁልጊዜ ገበያ ውስጥ ነው፤ ትሬንድ አለ የለም ብሎ አይጠይቅም። መገልበጡን ያጠፋሁትም ለዚህ ነው፤ የትሬንድን ጥንካሬ የሚለካው ADX ከ20 በታች ሲሆን አዲስ ፖዚሽን የማልከፍተውም ለዚሁ ነው። Step ከፍ ሲል ደግሞ ስቶፑ ቶሎ ስለሚጠጋ በሐሰት ምልክት መመታት፣ ማለትም ዊፕሶው፣ ይበዛል። ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ኢንዲኬተሩን ሲያወጣ የተጠቀመው 0.02 እና 0.20 ነው። ሌላ ቁጥር መምረጥ ይቻላል፣ ግን መራጩ ደንበኛው ነው።

ነገሩ ከተነሳ አይቀር፣ ሰርቨራችሁ ካንድሉ ሳይዘጋ በየደቂቃው ሳሩን ያሰላል። በአንድ ካንድል ውስጥ ዋጋው ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር AF እየጨመረ በአንድ ቀን ጣሪያው ይደርሳል፤ መጨመር ያለበት ግን በካንድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህንንም ቀደም ብዬ ጽፌላችሁ የተላከልኝ የጀማሪዎች መመሪያ ነው። በተገለበጠው ፖዚሽን ላይ ስፕሬድና የአዳር ወለድም ተቆርጦብኛል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦ ከማሻሻያው ጀምሮ ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ካንድል የተጠቀመበት Step፣ AF እና EP በጽሑፍ ይላክልኝ፤ በመገልበጥ የተከፈቱት ፖዚሽኖች ኪሳራ ከነስፕሬዱና ከነወለዱ ይመለስልኝ፤ በ0.02 ስሌት መዘጋት ያልነበረበት የግዢ ፖዚሽንም በተዘጋበት ዋጋ ይታረምልኝ። የስልክ ንግግሩ ቅጂ እንዳይጠፋ አስቀምጡልኝ። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ በኃላፊ የተፈረመ መልስ ካልደረሰኝ፣ ይህን ደብዳቤ ከስሌቱ ጋር ፈቃድ ለሰጣችሁ ተቆጣጣሪ አካል አስገባለሁ፤ ቀሪ ገንዘቤንም ያለ ምንም የማውጫ ክፍያ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአካውንቱ ባለቤት