ለሰላማዊት፦ ስለ ንግድ ምዝገባው

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለሰላማዊት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ሲያሳፍረኝ ቆይቷል፤ ሆኖም በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተሽ ለመሸጥ ንግድ ልታስመዘግቢ ማሰብሽን ከእኅትሽ ስሰማ፣ ባለፈው ዓመት አራት ኪሎ የልብስ ስፌት ቤቴን ሳስመዘግብ የገጠመኝን ሳልነግርሽ እንድትጀምሪ አልፈለግሁም።

ምዝገባው የሚከናወነው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ etrade.gov.et ላይ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን አስቀድመሽ ከያዝሽ ሌላው ቅጽ መሙላት ነው፤ አስቸጋሪዎቹ ስሙ፣ የሥራ መደቡና የካፒታሉ መጠን ናቸው።

ከሦስቱ ስሙ ይቀላል ብዬ ነበር። በመጀመሪያ «ሰላም ልብስ ስፌት» ብዬ ባስገባ ተመሳሳይ ስም አለ ተብሎ ተመለሰብኝ፤ «ሰላሜ» ብዬ ብለውጠውም ያው ሆነ። ሕጉ አስቀድሞ ከተመዘገበ ስም ጋር አንድ የሆነን ብቻ ሳይሆን ሰውን ሊያሳስት የሚችል ተቀራራቢ ስምንም አይቀበልም፤ «ልብስ ስፌት» የሚለው ደግሞ የሥራው መጠሪያ ስለሆነ ከሌላው አይለይሽም። በኋላ «ድርና ማግ» አልኩና አለፈልኝ። ነገር ግን የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ሳላስብበት Dirna Mag ብዬ ስለሞላሁ፣ ባንክ ሄጄ ሒሳብ ስከፍት ቅጹ ላይ Dir ena Mag ብዬ ጻፍኩ፤ ጸሐፊዋም ከፈቃዱ ጋር ፊደል በፊደል ካልተስማማ አልከፍትም ብላ መለሰችኝ። አንቺ አስቀድመሽ በወረቀት ላይ ወስነሽ ማኅተሙም፣ ባንኩም፣ ደረሰኙም ያንኑ እንዲከተሉ አድርጊ። በነገራችን ላይ የንግድ ስም መመዝገብ የንግድ ምልክት መመዝገብ አይደለም፤ በከረጢቱ ላይ የምታትሚው ምልክት ጥበቃ እንዲኖረው ካሻሽ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ለብቻው ማመልከት ይኖርብሻል።

እኔን የጎዳኝ ግን የሥራ መደቡ ነው። ሥራዎች ሁሉ በቁጥር ተመድበዋል፤ የመጀመሪያው አኃዝ ዘርፉን ያሳያል፣ ለምሳሌ በ3 የሚጀምሩት የማምረት ሥራዎች ሲሆኑ በ6 የሚጀምሩት ንግድን ይመለከታሉ። እኔ ልብስ የምሸጥ ስለመሰለኝ የልብስ ችርቻሮን መረጥኩ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እንድሰፋለት ውል ሊያዋውለኝ ሲል ፈቃዴን አይቶ «እዚህ ላይ ያለው ሌላ የሰፋውን መሸጥ ነው እንጂ መስፋት አይደለም» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። ማሻሻያ አቅርቤ እስኪስተካከል ድረስ ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ «ምን እሸጣለሁ?» ብለሽ ሳይሆን «ገንዘቡን የማገኘው እጄ ምን ሲሠራ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። በርበሬውን ገዝተሽ፣ አጥበሽ፣ ቀምመሽና አስፈጭተሽ የምታሽጊ ከሆነ ሥራሽ ማዘጋጀት ነው፤ ሌላው ያሸገውን ከመደርደሪያ ላይ የምትሸጪ ከሆነ ብቻ ችርቻሮ ይሆናል። ምግብ ማዘጋጀት ደግሞ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ መሆኑን አስቢበት፤ የቤቱ ሁኔታ፣ ውኃውና ማከማቻው ስለሚታዩ ይህንን አጣርተሽ ሳትጨርሺ የቤት ኪራይ ውል አትፈርሚ።

ካፒታሉ ላይ ስደርስ በተቀመጥኩበት ኢንተርኔት ቤት የነበሩ ሁለት ሰዎች ተከራከሩብኝ። አንዱ ግብር እንዳይበዛብሽ 5,000 ብር ጻፊ አለኝ፤ ሌላው ሰው እንዲያከብርሽ 500,000 አድርጊው አለኝ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ግብር የሚሰላው ካፒታል ብለሽ በጻፍሽው ሳይሆን በሽያጭሽና በትርፍሽ ነው፤ በግል የተመዘገበ ነጋዴም ለዕዳው በራሱ ንብረት ጭምር ስለሚጠየቅ ቁጥሩ አጥር ሆኖ አይጠብቅሽም። እኔ ማሽኖቼን 90,000፣ የገዛሁትን ጨርቅ 35,000፣ በእጄ ያለውን ጥሬ ገንዘብ 25,000 ብዬ ደምሬ 150,000 ብር አስገባሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ዕቃውን ማሳየት እችላለሁ። ብቻሽን ሆነሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ካሰብሽ ግን ነገሩ ይለያል፤ የ2013ቱ የንግድ ሕግ ይህንን ፈቅዷል፣ ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታልም ይጠይቃል፣ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የጻፍሽውን መጠን ለመለወጥም ጽሑፉን ማሻሻል ይኖርብሻል።

እስካሁን ምንም ካላስገባሽ ያሰብሻቸውን ሦስት አራት ስሞች ከነእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው፣ እንዲሁም ከበርበሬው ሥራ የትኛውን ራስሽ የትኛውን ወፍጮ ቤት እንደሚሠራው ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስፌት ቤቱን ዘግቼ አብረን እንሞላዋለን።

ጓደኛሽ፣
ከአራት ኪሎ