ሠላሳ በመቶው ከመግዣው ነው ወይስ ከመሸጫው?

ይድረስ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለምትገኙ የጫማ ነጋዴ ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። ደብተራችሁን ስንዘጋ አንድ ስህተት ደጋግሞ ያጋጥመናል። ነጋዴው «ሠላሳ በመቶ አተርፋለሁ» ብሎ ዋጋ ይቆርጣል፤ ጫማው ተሸጦ አልቆ ገንዘቡ ሲቆጠር ግን ሠላሳው አይገኝም። ልጁ አጉድሎ ይሆን ወይ ተብሎም ይጠረጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም አላጎደለም፤ ሠላሳው የተጨመረው በመግዣው ላይ ሆኖ ሳለ የተጠበቀው ከመሸጫው ላይ ነው።

በመግዣ ዋጋ ላይ የምትጭኑት ጭማሪ ነው፤ የሒሳብ ሰዎች ማርክአፕ ይሉታል። ያው ትርፍ ከመሸጫ ዋጋው ስንት እጅ እንደሆነ ሲሰላ ደግሞ የትርፍ ህዳግ ይባላል። ብሩ አንድ ነው፣ የሚካፈልበት ነው የሚለያየው። መሸጫው ከመግዣው ስለሚበልጥ ህዳጉ ሁልጊዜ ከጭማሪው ያንሳል።

በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድናቸው፤ ቫትም ለጊዜው አልገባባቸውም። ከመርካቶ 60 ጥንድ የውጭ ስኒከር በ1,800 ብር ሒሳብ ገዛችሁ እንበል፤ 108,000 ብር ነው። የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ የመኪና ጭነት፣ መጫኛና ማውረጃ፣ የራሳችሁ ትራንስፖርትና አልጋ ተደምሮ 12,000 ብር ወጣ። ለ60 ሲካፈል በጥንድ 200 ብር ነው። ስለዚህ ጫማው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ዋጋው 1,800 ሳይሆን 2,000 ብር ነው። ብዙ ሰው ጭማሪውን የሚያሰላው በ1,800ው ላይ ነው፤ ገና ከመነሻው 200 ብሩን ረሳው ማለት ነው።

በ2,000ው ላይ ሠላሳ በመቶ ሲጨመር መሸጫው 2,600 ይሆናል። ትርፉ 600 ብር ነው። 600 ለ2,600 ሲካፈል ግን 23 በመቶ ብቻ ነው። 60ውም ጥንድ ሲሸጥ 156,000 ብር ይገባል፤ እውነተኛው ትርፍ 36,000 ነው። ባለሱቁ «ከሽያጩ ሠላሳ በመቶው የእኔ ነው» ብሎ ለቤት ኪራይ፣ ለሠራተኛና ለጓዳው 46,800 ብር ካነሳ፣ 10,800 ብር ከዋናው በላ ማለት ነው። የሚነቃው ዳግም መርካቶ ሲወርድ ነው፤ በእጁ 109,200 ብር ይዞ፣ ዋጋም ወጪም ሳይጨምር፣ በ60 ፈንታ 54 ጥንድ ብቻ ይዞ ይመለሳል። የመርካቶ ዋጋ በመሀል ከጨመረ ደግሞ ጉድለቱ በዋጋው ይሳበብና ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል። ስለዚህ የምታወዳድሩት በድሮው የመግዣ ዋጋ ይሁን።

ከመሸጫው ላይ ሠላሳ በመቶ የምትፈልጉ ከሆነ አትጨምሩ፣ አካፍሉ። ከመቶው ሠላሳው የእናንተ ከሆነ ሰባው የጫማው ዋጋ ነው፦

```
2,000 ÷ 0.70 = 2,857
```

ይህም ወደ 43 በመቶ ጭማሪ ነው። ለሃያ በመቶ ህዳግ በ0.80፣ ለአርባ በ0.60 ታካፍላላችሁ። በተቃራኒው ዕጥፍ አድርጎ በ4,000 የሸጠ ሰው ጭማሪው መቶ በመቶ ቢሆንም ህዳጉ ሃምሳ ነው።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎዳው ዋጋ ሲቀነስ ነው፤ ቅናሽ የሚነሳው ከመሸጫው ነውና። ቁጥር 37 እና 44 ቀርተውባችሁ፣ «ሠላሳ ጨምሬ የለ፣ ሃያ አምስት ብቀንስ አሁንም አምስት ይተርፈኛል» ብላችሁ ከ2,600 ላይ ሃያ አምስት በመቶ ብትቀንሱ በ1,950 ትሸጣላችሁ፤ በየጥንዱ 50 ብር ከሰራችሁ። ገበያተኛው ተከራክሮ 200 ብር ብቻ ቢያስቀንስም ለእሱ ከስምንት በመቶ ያነሰ ነው፤ ለእናንተ ግን ከ600ው ትርፍ ሲሶው ሄደ።

የቫት ተመዝጋቢዎች አንድ ነገር ጨምሩ። በጫማው ላይ የለጠፋችሁት 2,600 ቫትን ያካተተ ከሆነ መጀመሪያ በ1.15 አካፍሉት። 2,261 ብር ይቀራል፣ ሌላው የመንግሥት ነው። ትርፉ 261 ብር፣ ህዳጉም አሥራ አንድ በመቶ ተኩል ገደማ ይሆናል። የሠላሳ በመቶ ህዳጉ ጫማ ከቫት ጋር 3,286 ብር ሊለጠፍበት ይገባ ነበር። ገበያው ይህን አይሸከምም የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ልትሆኑም ትችላላችሁ። እንግዲያው ህዳጉን ወደ ሃያ አውርዱና ከሽያጩ የምታነሱትንም ሃያ አድርጉ። ያልተመዘገባችሁ ደግሞ ስትገዙ የከፈላችሁት ቫት ስለማይመለስላችሁ ከመግዣ ዋጋው ጋር ደምሩት።

በሚቀጥለው ጭነት የመጫኛና የማውረጃውን ወጪ ደረሰኝ ባይኖረውም በዕለቱ ደብተር ላይ ጻፉትና ይዛችሁልን ኑ፤ የየጥንዱን ዋጋ አብረን እናወጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ አገልግሎት ቢሯችሁ
ደብረ ማርቆስ