የሕግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አርባ ወንበርና አንቀጽ 1792

የሕግ ክበብ ምን እንደሚሠራ በመምህራን ማረፊያም በወላጆች ስብሰባም ደጋግመው የሚጠይቁኝ አሉ። ልጆቹ አንቀጽ ሸምድደው የሚወጡ የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። ዘንድሮ የደከምንበት ነገር ከሽምደዳ ተቃራኒ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በምዝገባ፣ በኮሚቴ ምርጫና በሰልፍ ላይ በሚቀርቡ አጫጭር ንግግሮች አለፈ። ሳምንታዊ ስብሰባችን፣ ክፍሉ ተቆልፎ በረንዳ ላይ ከተቀመጥንባቸው ቀናት በስተቀር፣ አልተቋረጠም። ዋናው ሥራ የተጀመረው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ የሕግ ተማሪዎች አይራክ የሚሉትን የአጻጻፍ ስልት ስንይዝ ነው። ስልቱ አራት እርከን አለው፦ ጭብጡን መያዝ፣ ሕጉን ማስቀመጥ፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማገናዘብ፣ መደምደም። ሦስቱን ልጆቻችን በቶሎ ያዙት። ሦስተኛው እርከን ግን ወራት ወሰደብን።

ለልምምድ ያዘጋጀነው ክርክር እንዲህ ነበር። አንድ የጅማ አናጺ ለአንዲት የምግብ ቤት ባለቤት አርባ ወንበር ሠርቶ ነሐሴ 25 ቀን ሊያስረክብ ሐምሌ 1 ቀን ይዋዋላል። ቀኑ ካለፈ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ውል እንዳፈረሰ እንደሚቆጠር በውሉ ተጽፏል። አናጺው እንጨቱን ከገጠር ያዘዘው ነሐሴ 5 ቀን ነው። ነሐሴ 10 ቀን ጎርፍ ድልድይ ያፈርስና የጭነት መኪናው ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ወንበሮቹ አልደረሱም። ባለቤቷ ለምርቃቱ ወንበር ተከራይታ 8,000 ብር ከፈለች፤ አናጺው ይካሰኝ ትላለች። እሱ ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጥሞኛል ይላል።

ሕጉን ማግኘት አልከበደም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1791 ውሉን ያልፈጸመ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኪሣራ እንደሚከፍል፣ ነጻ የሚወጣውም ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ሲታገድ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። አንቀጽ 1792 ለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ድርጊቱ በተለምዶ ሊታሰብ የማይችል መሆን አለበት፤ አፈጻጸሙንም ፈጽሞ የሚያግድ መሆን አለበት። ሥራውን ከባድ ወይም ውድ ማድረጉ ብቻ አይበቃም።

የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች ሰብስቤ ሳነብ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «በአንቀጽ 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊታሰብ የማይችልና ፈጽሞ የሚያግድ መሆን አለበት። በያዝነው ጉዳይ አናጺው የገጠመው ሊታሰብ የማይችልና ፈጽሞ የሚያግድ አይደለም። ስለዚህ ኃላፊ ነው።» መደምደሚያው ትክክል ሊሆን ይችላል። መሀል ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ሕጉን «አይደለም» በሚል ቃል ዘግቶ ከመድገም በቀር የሠራው ነገር የለም። አናጺውን አውጥታችሁ ወተት አቅራቢ ብታስገቡበት አንድ ቃል አይለወጥም። ከዚያ ወዲያ የክበባችን መፈተኛ ይኸው ሆነ፦ የትንተናው አንቀጽ ሳይነካ ወደ ሌላ ጉዳይ ሊዛወር ከቻለ ትንተና አይደለም። ቀይ እስክሪብቶ ይዘን ከሕጉ የተቀዳውን ቃል ሁሉ ስንሰርዝ ከብዙዎቹ ወረቀት ላይ የተረፈው «ስለዚህ» ብቻ ነበር።

የአናጺው ጠበቆች የሆኑት ልጆች ደግሞ በሌላ በኩል ሳቱ። አንቀጽ 1793 ጎርፍን በስም ስለሚጠቅስ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ነገር ግን አንቀጹ የሚዘረዝራቸው እንደ ነገሩ ሁኔታ ከአቅም በላይ ሊባሉ የሚችሉትን ነው። ሁኔታው ካልተመረመረ የጎርፍ ስም ብቻውን አያድንም።

እዚህ ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለመጎብኘት ወሰንን። ባለሙያው ልጆቹን በደስታ ተቀብለው ሁለት ሳንቃ አስያዟቸው፤ አንዱ በቅርቡ የተሰነጠቀ እርጥብ፣ ሌላው የደረቀ። እርጥቡ ይከብዳል፣ ሲዳስሱትም ይቀዘቅዛል። በእርጥብ እንጨት የተሠራ ወንበር ሲደርቅ እንደሚሸማቀቅና መጋጠሚያው እንደሚላላ አንድ የሚወዛወዝ ወንበር አምጥተው አሳዩን። በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደረቁን ሳንቃ እንደያዘች፣ «ጋሼ፣ በነሐሴ ለአርባ ወንበር የሚሆን ደረቅ እንጨት ከተማ ውስጥ ይገኛል?» ብላ ጠየቀች። «ይገኛል እንጂ የኔ ልጅ» አሉ። «ዋጋው ነው እንጂ። በክረምት ደረቅ እንጨት ያለው ሰው እንደ ልቡ ነው የሚጠራው።» ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንግዲያው ቢከስርም መሥራት ይችል ነበር» አለችኝ። መምህር ሆኜ ከሰማኋቸው ዓረፍተ ነገሮች እንደዚያ ያስደሰተኝ ጥቂት ነው። የአንቀጽ 1792ን ሁለተኛ መስፈርት ቁጥሩን ሳትጠራ ከሳንቃው ላይ አንብባዋለችና።

በጽሑፍ የተሰጠ ክርክር ላይ የራስን ፍሬ ነገር መጨመር አይፈቀድም። ስለዚህ የደረቅ እንጨቱን ነገር በሁለቱም ወገን ስምምነት ወደ ታሪኩ አስገባንና ሁሉም እንደገና ጻፈ። የእሷ ትንተና ይኸው፦

«አናጺው በነሐሴ ዝናብ እንደሚበረታ ያውቃል። ይህ ድልድይ ግን ብዙ ክረምት አሳልፏል፤ ዘንድሮ ይፈርሳል ብሎ አለማሰቡ ሊያስወቅሰው አይገባ ይሆናል። በሌላ በኩል ትእዛዙን ተቀብሎ ከአንድ ወር በላይ እንጨት አላዘዘም፤ በሐምሌ መጀመሪያ ቢያዝ ድልድዩ ሳይፈርስ ይደርስለት ነበር። በመጀመሪያው መስፈርት ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። በሁለተኛው ግን አናጺው ይሸነፋል፤ ምክንያቱም ድልድዩ የዘጋው ርካሹን እንጨት ነው እንጂ እንጨትን ሁሉ አይደለም። ደረቅ እንጨት በከተማው ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው መወደዱ ትርፉን ወሰደበት እንጂ እጁን አላሰረውም። ሁለቱ መስፈርቶች አብረው መሟላት ስላለባቸው አንዱ መጉደሉ ይበቃል።»

ይህን አንቀጽ ወደ ወተት አቅራቢው ጉዳይ ማዛወር አይቻልም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቀን፣ በአንድ ድልድይ ወይም በአንድ ገበያ ላይ ቆሟል። የተቃራኒውን ወገን ጥሩ ነጥብም አልደበቀችም፤ ተቀብላው ለምን እንደማያድነው አሳየች። የአናጺው ጠበቆች ደረቅ እንጨቱ ለአርባው ሁሉ አይበቃም ነበር ብለው ተከራከሩ። ያ ቢረጋገጥ መልሱ ይለወጥ እንደነበር ሁላችንም ተስማማን። እንዲህ ያለ ክርክር የሚነሣው ሕጉ ከፍሬ ነገሩ ጋር በእርግጥ ሲገናኝ ብቻ ነው።

ያልተሳካልንም አለ። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ልናደርገው የነበረው የምስለ ችሎት ውድድር በመጓጓዣ ገንዘብ እጦት ቀርቷል። ለሌሎች ክበባት የተደረገው ድጋፍ የሚያስደስተን ቢሆንም፣ የሕግ ክበብ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቅጂ በተባዙ ገጾች መሥራቱን የትምህርት ቤቱ አመራርና የወላጅ ኮሚቴው እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። አንቀጽ 1794 በተባዛው ገጽ ጠርዝ ላይ በመቆረጡ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር በራሱ ከአቅም በላይ እንደማይባል የሚናገረውን ቃል ልጆቹ ያገኙት ትንተናቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ቢያገኙት የከሳሽ ወገን ክርክር ይበልጥ ይጠነክር ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ለአምስት ልጆች አንድ የሕግ መጽሐፍ፣ የማባዣ ወረቀትና ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሚከፈት ክፍል። አዲሱ ክርክር በናሙና ስለተሸጠ ቡና ጥራት ስለሆነ አንድ የቡና መጋዘን ማየት ያስፈልገናል። ከወላጆች መካከል መጋዘን ያላችሁ ወይም በዚያ የምትሠሩ በርእሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ብታሳውቁን ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ።